የነርስ ሥራ ከማመልከታችሁ በፊት፦ ላይሰንሱንና ካርዱን መፈተሽ

ፌብሩዋሪ 3 ማታ፣ አብራን ዕቁብ የምትጥል አንዲት እህት ላፕቶፗን ይዛ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ቤት መጣች። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ያለ አንድ ሆስፒታል የቴሌሜትሪ ነርስ ይፈልጋል። የሌሊት ፈረቃ ነው፣ ክፍያው ደህና ነው፣ ከቤቷ 25 ደቂቃ ነው። ሬዙሜዋን አስተካክላ ጨርሳለች። የቀራት የመጨረሻውን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው።

«ላይሰንስ አለኝ፣ ልምድ አለኝ። ሌላ ምን ይቀረኛል?» አለችኝ።

«ላይሰንስሽ የየት ነው?»

«የሜሪላንድ። ግን መልቲስቴት ነው።»

ቡናው ሳይፈላ ወሬው እዚህ ላይ ቆመ። መልቲስቴቱ ዲሲ ውስጥ አይሠራም። የነርሶች ኮምፓክት የሚባለው የአንዱ አባል ስቴት መልቲስቴት ላይሰንስ በሌሎቹም አባል ስቴቶች እንዲያሠራ ስቴቶች የተስማሙበት ውል ነው። ሜሪላንድም ቨርጂንያም በዚህ ውስጥ ናቸው፤ መሀላቸው ያለችው ዲሲ ግን ይህን እስከጻፍኩበት ጊዜ ድረስ የለችበትም። ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ መንገድ ተሻግሮ ዲሲ ይገባል። ያንን መንገድ ተሻግሮ ነርስ ሆኖ ለመሥራት ግን ሌላ ላይሰንስ ያስፈልጋል።

እኔ በነርስነት ስሠራ ዓመታት ሆኖኛል። አዲስ የሚቀጠሩትን የማለማመድ ሥራም ደርቤ ይዤ ስለነበር፣ ጎበዝ ነርስ በወረቀት ምክንያት ስትቀር ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ያን ማታ ከእሷ ጋር ያደረግነውን በቅደም ተከተል እጽፍላችኋለሁ። ምሳሌው የዲሲ አካባቢ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁም አካሄዱን ትጠቀሙበታላችሁ።

አንደኛ፦ ማስታወቂያውን ከታች ጀምራችሁ አንብቡ

የሆስፒታል ማስታወቂያ ከላይ ስለ ሆስፒታሉ ዝና ያወራል። ቀጥሎ የሥራው ዝርዝር ይመጣል፤ ያንን ነርስ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። የሚያስቀጥረውና የሚያስቀረው ነገር ያለው ከታች ነው፤ ላይሰንስ፣ ሰርተፊኬት፣ ልምድና ትምህርት የሚለው ክፍል ላይ።

አንድ ወረቀት ውሰዱና ለሁለት ክፈሉት። በግራ በኩል የሚጠየቀውን ነገር ጻፉ። በቀኝ በኩል ደግሞ መቼ መያዝ እንዳለበት። ሰው የሚሳሳተው በቀኙ ነው። «ሪኳየርድ» እና «ፕሪፈርድ» የሚባሉትን ሁሉም ይለያቸዋል፤ አንዱ ግዴታ ነው፣ ሌላው ቢኖር ይመረጣል ነው። ግዴታው ራሱ ግን ሦስት ዓይነት ቀን አለው። ስታመለክቱ በእጃችሁ መኖር ያለበት አለ። ሥራ በምትጀምሩበት ቀን መኖር ያለበት አለ። ከተቀጠራችሁ በኋላ፣ ለምሳሌ በስድስት ወር ውስጥ፣ የምታመጡት አለ።

የእሷን ወረቀት እንዲህ ሞላነው። የዲሲ አርኤን ላይሰንስ፦ ግዴታ፣ ቀኑ ግን አልተጻፈም። ቢኤልኤስ ከአሜሪካ የልብ ማኅበር፦ ሥራ ሲጀመር። ኤሲኤልኤስ፦ በተቀጠረች በስድስት ወር ውስጥ። አንድ ዓመት የአኪዩት ኬር ልምድ፦ ባለፉት ሁለት ዓመታት ውስጥ የተሠራ። የነርሲንግ ባችለር ዲግሪ፦ ግዴታ። ፒሲሲኤን ሰርተፊኬሽን፦ ቢኖር ይመረጣል።

ፒሲሲኤንን ወዲያው ሰረዝነው። እሷ የላትም፣ ባይኖራትም አያስቀራትም። ብዙ ልጆች «ይመረጣል» የሚለውን አይተው ተስፋ ቆርጠው ይተዋሉ፤ በዚያው ማስታወቂያ ላይ «ግዴታ» የሚለውን ደግሞ በዝምታ ያልፉታል። የተገላቢጦሽ ነው።

ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጨምሩ፦ ሥራ የምትጀምሩበትን ግምት ቀን። ቃለ መጠይቁ፣ የጤና ምርመራው፣ የጣት አሻራው ተደምሮ ከማመልከቻ እስከ ኦረንቴሽን ሁለት ወር ቢፈጅ አይገርምም። የእሷን ኤፕሪል መጀመሪያ ብለን ገመትን። ከዚህ በኋላ የምትፈትሹት ሁሉ የሚለካው በዚያ ቀን እንጂ በዛሬው አይደለም።

ሁለተኛ፦ ላይሰንሱን ከመዝገብ አውጥታችሁ እዩት

ላይሰንሳችሁን ከትዝታ አትንገሩኝ። ቦርሳ ውስጥ ያለውን ካርድም ተዉት። ቀጣሪው የሚያየው መዝገቡን ነው፤ እናንተም እሱኑ እዩ። nursys.com ላይ ግቡ። እዚያ QuickConfirm የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። በስም ወይም በላይሰንስ ቁጥር ይፈልጋል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ገጹ ሲከፈት አራት ነገር ፈልጉ። የላይሰንሱ ዓይነት አርኤን ነው ወይስ ኤልፒኤን? የትኛው ስቴት የሰጠው ነው? የሚያበቃው መቼ ነው? በመጨረሻም መልቲስቴት ነው ወይስ ለአንድ ስቴት ብቻ?

የመጨረሻው ላይ ሰው ይደነግጣል። መልቲስቴት የሚሰጠው በቋሚነት የምትኖሩበት ስቴት የኮምፓክት አባል ሲሆን ብቻ ነው። ቋሚ መኖሪያ ማለት ደግሞ መንጃ ፈቃዳችሁና የፌዴራል ታክሳችሁ ላይ ያለው አድራሻ ነው፤ የእህታችሁ ቤት ወይም ደብዳቤ የሚመጣላችሁ ቦታ አይደለም። ሜሪላንድ ሳላችሁ መልቲስቴት አውጥታችሁ፣ ኪራይ ረክሶ አግኝታችሁ ዲሲ ብትገቡ፣ ላይሰንሳችሁ ለሜሪላንድ ብቻ ወደሚያገለግል ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ቨርጂንያ ሄዶ መሥራት የለም። ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂንያ ብትዛወሩ ደግሞ፣ ሁለቱም አባል ስለሆኑ፣ በ60 ቀን ውስጥ ለቨርጂንያ ማመልከት አለባችሁ። ይህ የ60 ቀን ደንብ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራ ነው። ቤት የቀየራችሁ ሰሞን ሥራም የምትቀይሩ ከሆነ ሁለቱን አብራችሁ አስቡ።

አባል ስቴት እየኖሩም ለአንድ ስቴት ብቻ የሚሆን ላይሰንስ የያዙ አሉ። መልቲስቴት የራሱ መስፈርት አለው፤ የጣት አሻራ ምርመራና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይጠይቃል። ውጭ አገር የተማረ ደግሞ ትምህርቱ መገምገምና፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ካልነበረ፣ የቋንቋ ፈተና ማለፍ አለበት። ስለዚህ «ሜሪላንድ ስለምኖር መልቲስቴት ነኝ» አይባልም። መዝገቡ ምን ይላል? እሱ ነው።

ዋናው ደንብ አንድ ነው፦ ላይሰንሱ የሚያስፈልገው በሽተኛው ባለበት ስቴት ነው። በስልክ ትሪያዥ የምትሠሩም ብትሆኑ ያው ነው። ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ካሊፎርንያ ያለ በሽተኛ ብታነጋግሩ የካሊፎርንያ ላይሰንስ ይጠየቃል፤ ካሊፎርንያ የኮምፓክት አባል አይደለችም። የእኛ ሰው በብዛት ካለባቸው ውስጥ ሚኒሶታም ይህን ስጽፍ አባል አይደለችም። ቴክሳስ፣ ጆርጂያና ኮሎራዶ አባል ናቸው። ዝርዝሩ ይለወጣልና በምታመለክቱበት ቀን nursecompact.com ላይ ካርታውን እዩ። ዓምና ጓደኛችሁ የነገራችሁ ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል።

አንድ ነገር በቅንፍ ልበል፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የጀመርነው ከሲኤንኤ ነው። ኮምፓክቱ ለአርኤንና ለኤልፒኤን ብቻ ነው። ሲኤንኤ አይጨምርም። የሜሪላንድ ሲኤንኤ ሆናችሁ ቨርጂንያ ብትቀጠሩ የቨርጂንያ መዝገብ ውስጥ መግባት አለባችሁ። ሜሪላንድ ውስጥም ቢሆን፣ ነርሲንግ ሆም ለመሥራት ጂኤንኤ የሚባለው ተጨማሪ ስያሜ በስማችሁ ላይ መኖር አለበት። ማስታወቂያው «ሲኤንኤ/ጂኤንኤ» ካለ ያ ዘንበል ያለ መስመር ለጌጥ አይደለም። ደግሞ 24 ወር በተከታታይ በሙያው ተከፍሏችሁ ካልሠራችሁ፣ ነርሲንግ ሆም ከመግባታችሁ በፊት እንደገና ሥልጠናና ፈተና ወይም ፈተና ብቻ ትጠየቃላችሁ። ልጅ ወልደው ቤት የቆዩ እናቶች እዚህ ላይ ይጠንቀቁ።

ወደ እህታችን እንመለስ። መዝገቡ አርኤን፣ ሜሪላንድ፣ መልቲስቴት አላት። የሚያበቃበት ቀን ሩቅ ነው። የዲሲፕሊን ነገር የለባትም። «አንኤንከምበርድ» የሚለው ቃል ማስታወቂያው ላይ ካለ ይህን ነው የሚጠይቀው፤ ላይሰንሱ ላይ እገዳ፣ ገደብ ወይም የሙከራ ጊዜ እንደሌለ። «አክቲቭ» መሆን ብቻውን ለዚህ መልስ አይሆንም፤ አክቲቭ ሆኖ ገደብ ያለበት ላይሰንስ አለ።

እንግዲህ ዲሲ ኢንዶርስመንት ያስፈልጋታል። ኢንዶርስመንት ማለት እንደገና ኤንክሌክስ መፈተን አይደለም፤ ያለሽን ላይሰንስ አስመስክሮ የሌላውን መውሰድ ነው። ማመልከቻ አለው፣ ክፍያ አለው፣ የጣት አሻራ አለው። በተጨማሪ ሜሪላንድ ያለው ላይሰንስ ለዲሲ ቦርድ መረጋገጥ አለበት። ይህም የሚሄደው በዚያው nursys.com በኩል ነው፤ ግን በነፃው QuickConfirm አይደለም። ለቦርድ የሚሄደው Nurse License Verification የሚባለው ሲሆን 30 ዶላር ያስከፍላል። የነፃውን ፒዲኤፍ አትማ ለቦርድ ልካ ወር ሙሉ መልስ ስትጠብቅ የነበረች ነርስ አውቃለሁ። ቦርዱ ደግሞ ማረጋገጫው እስኪደርሰው ፋይሉን ዘግቶ ተቀምጧል። ሁለቱም የራሳቸውን ሥራ የሠሩ መስሏቸው ነበር።

አንድ ነገር አስምሩበት፦ «ማመልከቻዬ በሂደት ላይ ነው» ማለት ላይሰንስ አለኝ ማለት አይደለም። በሂደት ላይ ያለ ነርስ በሽተኛ አይነካም።

ሦስተኛ፦ ካርዶቹን በሚጀመርበት ቀን ለኩ

የቢኤልኤስ ካርዷን አወጣች። «አለኝ፣ ይኸው።» የሚያበቃው ማርች መጨረሻ። ዛሬ ፌብሩዋሪ 3 ነው፤ ዛሬ ካየነው ደህና ነው። ኤፕሪል መጀመሪያ ኦረንቴሽን ስትገባ ግን ካርዷ ሞቷል። ለዚህ ነው ግምት ቀኑን ወረቀቱ ላይ የጻፍነው።

የአሜሪካ የልብ ማኅበር ካርድ ለሁለት ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ ኮርሱን በወሰዳችሁበት ወር መጨረሻ ላይ ያበቃል። ሁለት ወር ቀድሞ ማደስ የሚያሳጣው ነገር ትንሽ ነው። ቀኑ ሲያልፍ ግን ሥራው ይዘገያል።

ካርዱ ላይ ሦስት ነገር እዩ። መጀመሪያ የሰጠው ማን ነው? ማስታወቂያው የአሜሪካ የልብ ማኅበርን በስም ከጠራ የቀይ መስቀሉን ካርድ ላይቀበል ይችላል። ሁለተኛ፣ ኮርሱ ምን ይባላል? ቢኤልኤስ ለጤና ባለሙያ ነው። ሃርትሴቨር የሚባለው ደግሞ ለመምህር፣ ለቢሮ ሠራተኛ የሚሰጥ ነው፤ ከዚያው ከአንዱ ማኅበር ቢመጣም ለነርስ አይሆንም። ሦስተኛ፣ በእጅ የተሠራ የልምምድ ክፍል አለው ወይ? ኢንተርኔት ላይ በ20 ዶላር በግማሽ ሰዓት ካርድ እንሰጣለን የሚሉ ሞልተዋል። አሻንጉሊቱን ሳትጫኑ የመጣ ካርድ ሆስፒታል ሲደርስ ይመለሳል። የልብ ማኅበሩም የኦንላይን ክፍል አለው፤ እሱ ግን ትምህርቱን ኦንላይን ጨርሳችሁ ለልምምዱ በአካል ትሄዳላችሁ።

ካርዱ እውነተኛ መሆኑን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ኢ-ካርዱ ላይ ኮድ አለ። ኮዱን የማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡት ስማችሁና ቀኑ ይወጣል። ምንም ካልወጣ፣ ቀጣሪውም ምንም አይወጣለትም።

ኤሲኤልኤሱ የላትም። ወረቀታችን ላይ ግን «በስድስት ወር ውስጥ» ይላል። ስለዚህ አሁን አያሳስባትም። ብዙ ሆስፒታል ራሱ ከፍሎ ያስተምራል፤ ቀድማችሁ ከኪሳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

አራተኛ፦ ስማችሁና ቀናችሁ

ይህ የእኛ ብቻ ችግር ነው፤ ሌላ ሰው ሲጽፈው ስለማላይ ልዘርዝረው።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ራሳችን፣ አባታችን፣ አያታችን ነው። ከአገር ቤት የመጣው ዲፕሎማ ላይ የራስና የአባት ስም አለ። ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም ላስት ኔም ሆኖ ይወጣል። ዜግነት ሲወሰድ ደግሞ አንዱ የአባቱን ስም ላስት ኔም አድርጎ ያያይዘዋል። ሲያገቡ የባላቸውን ስም የሚጨምሩም አሉ። በመጨረሻ ላይሰንሱ በአንድ ስም፣ የቢኤልኤሱ ካርድ በሌላ፣ ሶሻል ሴኩሪቲው በሦስተኛ ይሆናል። የፊደል አጻጻፉም አለ። ጽጌ አንድ ቦታ `Tsige` ሌላ ቦታ `Tsigie` ተብሎ ይጻፋል። ለእኛ አንድ ሰው ነው። ለመዝገቡ ሁለት ሰው ነው።

የምታደርጉት ይህ ነው። ላይሰንሱ፣ የቢኤልኤስ ካርዱ፣ መታወቂያው፣ ትራንስክሪፕቱና ሬዙሜው ላይ ያለውን ስም በአንድ ገጽ፣ አንዱን ከአንዱ ሥር አድርጋችሁ፣ በፊደሉ ልክ ገልብጡ። ፍቱን ነው። ልዩነቱ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ከዚያ ማመልከቻውን በላይሰንሱ ላይ ባለው ስም ሙሉት፤ «የቀድሞ ስም» የሚል ሳጥን ካለ ሌሎቹን እዚያ አስገቡ። ላይሰንሱ ራሱ ስህተት ከሆነ ቦርዱ ጋ ማስተካከል ነው። የቢኤልኤሱ ከሆነ ያስተማራችሁን ማዕከል ጠይቁ፤ ቀላል ነው።

የእሷ ላይሰንስና መታወቂያ አንድ ነበሩ። ትራንስክሪፕቷ ግን የአባቷ ስም ላይ አንድ ፊደል ይጎድለዋል። ማስታወሻ ያዝን።

ቀኑ ደግሞ ሌላ ነው። ከአገር ቤት በሚመጣ ማስረጃ ላይ የእኛ ዘመን አቆጣጠር ብቻ የተጻፈበት አለ። ሰኔ 2004 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው የተመረቀው በ2012 ነው። ማመልከቻው ላይ 2004 ብላችሁ ብትሞሉ፣ ቀጣሪው ትራንስክሪፕቱን በፈረንጅ ሲያየው ስምንት ዓመት ይለያይበታል። ከዚያም ውሸት ይመስለዋል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ሰባት ደምሩ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ደምሩ። የሥራ ልምድ ደብዳቤም ላይ ያው ነው። እዚያው በሬዙሜው ላይ ሁሉንም በፈረንጅ ጻፉ፤ አትቀላቅሉ።

አምስተኛ፦ ልምድና ዲግሪ

አጭር ነው። ልምድ ሲባል የት የተሠራ እንደሆነ እዩ። አኪዩት ኬር ማለት በሽተኛ ተኝቶ የሚታከምበት ሆስፒታል ነው። ነርሲንግ ሆም፣ ሆም ኬር፣ ክሊኒክ ሥራቸው ከባድ ቢሆንም በዚህ ቃል ውስጥ አይገቡም። እሷ ሦስት ዓመት ነርሲንግ ሆም ሠርታለች፤ ቀጥሎ 14 ወር የሆስፒታል ሜድ-ሰርጅ አላት፣ አሁንም እዚያው ናት። ሬዙሜዋ ሁለቱን ደምሮ «ከአራት ዓመት በላይ የነርስ ልምድ» ይላል። ቀየርነው። 14 ወር አኪዩት ኬር የሚለውን ለብቻው አውጥተን፣ ከነወሩ፣ ከላይ አስቀመጥነው። የተጠየቀው 12 ወር ነው፤ አላት። ተደብቆ ነበር እንጂ።

ዲግሪዋ የአገር ቤት ቢኤስሲ ነው። «ይህንን ቦርዱ ተቀብሎት የለ?» አለች። ቦርዱ የተቀበለው ለላይሰንስ ነው። ቀጣሪው የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ይህ ዲግሪ ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል ነው ወይ? ግምገማው በሲጂኤፍኤንኤስ በኩል የተሠራ ከሆነ፣ ድርጅቱ አሁን ትሩሜሪት ተብሏል፣ ሪፖርቱ በቀጥታ ለቦርድ ሄዶ እናንተ ቅጂ ላይኖራችሁ ይችላል። ቅጂውን ፈልጉ። ካለም ዲግሪውን ከባችለር ጋር የሚያነጻጽር መሆኑን አንብቡ። እሷ ቅጂው ኢሜይሏ ውስጥ ተገኘ፤ ከዓመታት በፊት የመጣ፣ ተከፍቶ እንኳ የማያውቅ።

ስድስተኛ፦ አዎ እና አይደለም የሚሉት ሳጥኖች

ማመልከቻው መጨረሻ ላይ ጥያቄ አለ። «የዲሲ አርኤን ላይሰንስ አለዎት?» አዎ ወይም አይደለም። ብዙ ቦታ አይደለም ብላችሁ ስትመልሱ ማመልከቻው ሰው ሳያየው ይወድቃል። ፈተናው እዚህ ነው። «እስከዚያ ይደርሳል፣ አዎ ልበል» ይላል ሰው።

አትበሉ። ሆስፒታሎች ላይሰንስን ከሰጪው አካል መዝገብ በቀጥታ ማረጋገጥ ግዴታቸው ነው። ከላይ ያሳየኋችሁ የሁለት ደቂቃ ገጽ ለእነሱም ክፍት ነው። አዎ ብላችሁ መዝገቡ የለም ካለ፣ የቀረው ላይሰንሱ ሳይሆን እናንተ ትሆናላችሁ። በዚያ ሆስፒታል ስርዓት ውስጥ ስማችሁ ተበላሽቶ ይቀራል።

ይልቅ ቀኑ ያልተጻፈ ከሆነ፣ እንደ እሷ ማስታወቂያ፣ ከማመልከታችሁ በፊት ጠይቁ። የቅጥር ክፍሉ ኢሜይል ወይም ሊንክድኢን ላይ ያለው ሪክሩተር ይበቃል። አጭር ይሁን። የእሷ ይዘቱ እንዲህ ነበር፦

«የሜሪላንድ መልቲስቴት አርኤን ላይሰንስ አለኝ፤ ገደብ የለበትም። የዲሲ ኢንዶርስመንት ዛሬ አስገብቻለሁ። ለዚህ ቦታ የዲሲው ላይሰንስ በማመልከቻ ጊዜ ያስፈልጋል ወይስ በመጀመሪያው የሥራ ቀን? 14 ወር የአኪዩት ኬር ልምድ አለኝ።»

ሕይወት ታሪክ የለውም። ሰላምታውም አንድ መስመር ነው። ሪክሩተር በቀን ስንት መልእክት እንደሚያነብ አስቡ። «ዛሬ አስገብቻለሁ» የሚለው ግን እውነት መሆን አለበት። መልእክቱን የላከችው የኢንዶርስመንት ማመልከቻውን ካስገባች በኋላ ነው፤ ያን ማታ እዚያው ጠረጴዛ ላይ።

መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። የዲሲው ላይሰንስ ለቃለ መጠይቅ እንኳ በእጅ መኖር አለበት፤ አይጠብቁም። ያ በር ተዘጋ። ግን ያው ሪክሩተር ሜሪላንድ ውስጥ ባለው ሌላ ሆስፒታላቸው ተመሳሳይ የቴሌሜትሪ ቦታ እንዳለ ጠቆማት። እዚያ ያላት ላይሰንስ ይሠራል። ወረቀቱን እንደገና አወጣን፤ ከዲሲው መስመር በስተቀር ሁሉም ያው ነበር። ቢኤልኤሱን በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አሳደሰች። ትራንስክሪፕቱ ላይ ስለጎደለው ፊደል «የቀድሞ አጻጻፍ» ብላ ሳጥኑ ውስጥ ሞላች።

የዲሲውን ኢንዶርስመንት አላቋረጠችም። ክፍያው ከተከፈለ በኋላ ምን ያቋርጣል? nursys.com ላይ ደግሞ Nurse e-Notify የሚባለውን ነፃ ማስታወሻ ከፈተች፤ ላይሰንሷ ሊያበቃ ሲል ኢሜይል ይልክላታል። ቀጣሪዎችም ሠራተኞቻቸውን በዚሁ ይከታተላሉ።

ኤፕሪል ላይ ሜሪላንድ ጀመረች። በቀጣዩ ዕቁብ ስትመጣ አዲሱን የቢኤልኤስ ካርድ ስልኳ ላይ ከፍታ አሳየችኝ። ስሟ በላይሰንሷ ልክ፣ ፊደል በፊደል ነበር።